ወርቃማው ብርሃንና ግራጫው ሰማይ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የመልክዓ ምድር ፎቶ ስለማንሳት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ወርቃማ ብርሃን ስላለ መጣደፍ አያስፈልግም።»

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ከአድማስ የምትነሣው ወደ ጎን እያዘነበለች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው፤ በየ4 ደቂቃው 1 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቀለም፣ ጥላውም ረጅምና ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው በግምት ፀሐይ ከአድማስ በላይ እስከ 6 ዲግሪ ድረስ ባለችበት ጊዜ ነው። ይህ እዚህ የሚፈጀው 25 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በሰሜን አውሮፓ የብርድ ወራት ፀሐይ አድማሱን እየታከከች ስለምትጓዝ ያው 6 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በኢንተርኔት የምናነባቸው ብዙ ምክሮችም ከእንደዚያ ያሉ አገሮች የመጡ ናቸው። በዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ብርሃኑ ነጭና ጠንካራ ለመሆን፣ ጥላውም ለመጥቆር ጊዜ አይወስድበትም። ቦታ የሚመረጠው፣ ትራይፖድ የሚተከለውና ፍሬሙ የሚስተካከለው ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ የሚቀረው ሥራ ማንሳት ብቻ መሆን አለበት።

«ስልኬ የፀሐይ መውጫ ሰዓቱን ስለሚነግረኝ በዚያ ሰዓት መገኘት ይበቃኛል።»

ስልኩ የሚሰጠው ሰዓት የተሰላው ምንም ለማይጋርደው ሜዳማ አድማስ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የረር ይገኛሉ። ከእነዚህ ከአንዱ ሥር የቆመ ሰው ከመተግበሪያው ሰዓት ዘግይቶ ፀሐይን ያገኛል፤ ማታም ቀድሞ ያጣታል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። በመስከረም አጋማሽ ማለዳ ከአቃቂ ሜዳ ሆነን የረርን ማንሳት ፈለግን እንበል። ያን ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው በትክክለኛው ምሥራቅ ነው፤ ከአቃቂ ሲታይ የረርም የሚገኘው በዚያው አቅጣጫ ነው። የተራራው ጫፍ ከሜዳው 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ርቀቱም 20 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ጫፉ ከአድማስ በላይ 3 ዲግሪ ገደማ ይይዛል። ስልኩ ንጋት 12፡14 አካባቢ ቢል፣ ጨረሩ በጫፉ በኩል ሜዳው ላይ የሚደርሰው 12፡26 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ወርቃማው ብርሃን ደግሞ ወደ 12፡40 ሲጠጋ ስለሚያልቅ፣ 25 ደቂቃ የተባለው ወደ 13 ደቂቃ ዝቅ ይላል። ያ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ባለችባቸው በእነዚያ 12 ደቂቃዎች የተራራው ጥቁር ቅርጽ በደማቅ ሰማይ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ፎቶው ተራራውን ከሆነ የሚፈልገው ጊዜው ያኔ ነው፣ የአዝመራውን ዝርዝር ከሆነ ግን ከ12፡26 በኋላ ነው።

ይኸው ቦታ በታኅሣሥ ሌላ ነው። የፀሐይ መውጫ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ስለሚሸሽ ጨረሩ በተራራው በስተቀኝ ይመጣል፤ የየረርን ጎን ይዳስሳል፣ ሸለቆዎቹንም ያጎላል። ለእኔ የረርን ለማንሳት የታኅሣሥ ማለዳ ከመስከረሙ ይበልጣል፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የመሬቱን እጥፋት አጉልቶ የሚያሳይ ነውና። ቦታውን ቀድሞ የሚጎበኝ ሰው ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ በጣቱ ወርድ ከአድማስ እስከ ተራራው ጫፍ ይለካ፤ አንድ ጣት ወደ 2 ዲግሪ ይሆናል፣ ይኸውም በእኛ አካባቢ 8 ደቂቃ ያህል ነው።

«ፀሐይ ከጠለቀች ካሜራውን መሸከፍ ነው።»

ከፍ ብለው የተንሳፈፉ ስስ ደመናዎች መሬቱ ከጨለመ በኋላም ከአድማስ ማዶ ካለችው ፀሐይ ብርሃን ያገኛሉ፤ ቀይና ሐምራዊ ቀለም የሚፈነጥቀው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ምዕራቡ አድማስ ላይ ክፍት ስንጥቅ ከሌለ ግን ያ አይሆንም፤ ስለዚህ ለመቆየት ወይም ለመሄድ የሚወስነው ራስ ላይ ያለው ደመና ሳይሆን የአድማሱ መስመር ነው።

«ሰማዩ ከደመነ የመልክዓ ምድር ፎቶ የለም።»

የሚጠፋው አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፤ ሰፊ ሰማይና ረጅም ጥላ ያለው። ደመና ሲሸፍን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ ጥላ አይኖርም፤ ርቆ ያለ ተራራም ጠፍጣፋ ይመስላል። ነገር ግን ያው ብርሃን ለጫካ፣ ለምንጭ፣ ለረጠበ አፈርና ለአበባ የሚመረጥ ነው። ከወጨጫ ጎን ያለውን የሱባ መናገሻ ጫካ በሐምሌ እናስብ። ፀሐይ ባለበት ቀን በጽዱ ቅርንጫፎች መካከል የሚያልፈው ጨረር ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ካሜራው ነጠብጣቡን ወይ ጥቁሩን ግንድ እንጂ ሁለቱንም አይዝም። ደመናማ ቀን ላይ ግን ግንዱ፣ በላዩ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበትና ሥሩ ያለው ፈርን በአንድ ኤክስፖዠር ይገባሉ።

እዚያ ሥራው እንዲህ ነው። ሰማዩ ከፍሬሙ ይውጣ፤ በቅጠሎች መካከል የሚታይ አንዲት ነጭ ቀዳዳ እንኳ ዓይንን ትስባለች። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ትራይፖድ ያስፈልጋል፤ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8 ላይ ሹተሩ ሩብ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ ቢቆይ አያስገርምም፣ ስለዚህ ነፋሱ ጋብ እስኪል መጠበቅ ግድ ነው። ፖላራይዘር የተባለው የሌንስ ማጣሪያ በእርጥብ ቅጠል ላይ ያለውን ነጭ ብልጭታ ስለሚያነሣ አረንጓዴው ይጎላል፤ የሚቀንሰው ብርሃን አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ስለሆነ ግን ሹተሩን የበለጠ ያዘገየዋል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው። ጉም ካለ ካሜራው ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚያወርደው ኤክስፖዠሩን ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ከፍ ማድረግ ይገባል። በስልክ የሚያነሱም ጉሙ ላይ ነክተው ብርሃኑን በጣታቸው ከፍ ማድረግ ይችላሉ።

ክፍት ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ሱሉልታ፣ አድማሱ ከፍሬሙ ላይኛ ጠርዝ ተጠግቶ ለሰማዩ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቅር። ያን ጊዜ በዝናብ የጠቆረው እርሻና አረንጓዴው መስክ ራሳቸው ፎቶውን ይይዙታል። የመስከረም አደይ አበባም ከቀትር ፀሐይ ይልቅ በደመና ሥር ብጫነቱ ይደምቃል።

«ግራጫውን ፎቶ በኋላ በኤዲቲንግ አሙቄ ወርቃማ አደርገዋለሁ።»

ቀለሙን ማሞቅ ይቻላል፤ አቅጣጫ ያለው ብርሃን ግን አይጨመርም። የትኛውም ቋጥኝ አንድ ጎኑ ሳይበራ ሌላው ጎኑም ጥላ ሳይዝ ብጫ ቢቀባ ተመልካቹ ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል። በደመና ቀን የካሜራውን የቀለም ሚዛን፣ ማለትም ዋይት ባላንሱን፣ በ6,000 እና በ6,500 ኬልቪን መካከል ማድረግ ሰማያዊነቱን ለማስወገድ ይበቃል። በወርቃማው ብርሃን ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ አውቶማቲኩ ሙቀቱን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ስለሚያጠፋው የቀን ብርሃን በሚለው ቅንብር ላይ መቆለፍ ያስፈልጋል።

«በክረምት ከከተማ መውጣት ዋጋ የለውም።»

በአዲስ አበባ ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፣ ለወርቃማ ብርሃን ተስፋ ያለው ማለዳው ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አቧራውንና ጭሱን ስለሚያጥበው የሩቁ ተራራ ከበጋው ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል። ማታውን የሚመርጥ ሰው ዝናቡ እያባራ ምዕራቡ ሲከፈት ይጠብቅ፤ ዝቅ ያለው ጨረር ከጥቁሩ ደመና ሥር ሾልኮ ሜዳውን ሲያበራ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ካሜራው ቀድሞ ተተክሎ፣ የሌንሱ ጠብታም ተጠርጎ መገኘት አለበት።