ስም የማያጠፋ ቅሬታ ምንድን ነው?

ስም የማያጠፋ ቅሬታ ማለት ጸሐፊው የደረሰበትን በደል ሳይቀንስ የሚናገርበት፣ ያላየውንና ማስረዳት የማይችለውን ግን የማይጨምርበት ጽሑፍ ነው። በንዴት የተጻፈ ረቂቅ ሲታረም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው ስድቡን ነው። ስድቡ መሰረዙ ባይከፋም ትልቁ አደጋ ያለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። «የማይረባ አገልግሎት» የሚለው አነጋገር ሻካራ ይሁን እንጂ አንባቢው የተበሳጨ ደንበኛ አስተያየት መሆኑን ይረዳል። «ሆን ብለው አታለሉኝ» የሚለው ግን በጨዋ ቃላት ቢጻፍም በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ስለነበረ ሐሳብ ምስክርነት መስጠት ነው፤ ክስ ቢመጣ ያንን ማስረዳት እጅግ ከባድ ይሆናል።

ስም ማጥፋት በየአገሩ ሕግ ዝርዝሩ ይለያያል። በአንዳንዱ አገር የሚያስከትለው ካሳ ብቻ ሲሆን በሌላው በወንጀልም ያስቀጣል። መሠረቱ ግን ተቀራራቢ ነው፤ ማንነቱ ሊታወቅ ስለሚችል ሰው ወይም ድርጅት ክብሩን ወይም መልካም ስሙን የሚጎዳ ነገር ለሌሎች መግለጽ ነው። የተባለው ነገር እውነት መሆኑ በአብዛኛው ዋነኛው መከላከያ ነው። ሆኖም እውነትነቱን የማስረዳት ሸክም በጸሐፊው ላይ የሚወድቅባቸው አገሮች አሉ፤ እውነት መሆኑ ብቻውን የማይበቃባቸውም አሉ። ስለዚህ ረቂቁን የሚያርም ሰው ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚያቀርበው ጥያቄ «ይህን በምን አወቅሁ?» የሚል መሆን አለበት።

አንድ ረቂቅ ወስደን እንየው።

«ሌቦች ናቸው! ላፕቶፔን ስክሪኑን እንዲቀይሩ ብሰጣቸው ባትሪዬን ሰርቀው አሮጌ ገጥመው መለሱልኝ። በአምስት ቀን ይደርሳል ብለው ሦስት ሳምንት አሰቃዩኝ። ስደውል ያቺ ባለጌ እንግዳ ተቀባይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። እዚያ የሄደ ሁሉ ተዘርፎ ነው የሚመለሰው።»

ቀላሉ መዘግየቱ ነው። የተቀጠረበት ቀን በደረሰኙ ላይ አለ፤ ላፕቶፑ የተመለሰበትም ቀን ተፈርሞበታል። እዚህ ላይ «አሰቃዩኝ» የሚለው ቃል ምንም አይጨምርም፤ ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲጻፉ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ስልኩን በተመለከተ ደዋዩ የሚያውቀው ንግግሩ ሳያልቅ መቋረጡን ነው። ኔትወርክ ይሁን እጅ የዘጋው ከዚህኛው ወገን ሆኖ አይታይም። መልሶ ደውሎ ካልተነሳለት ግን ያንን መጻፍ ይችላል፤ የስልኩ መዝገብ ይመሰክርለታል። የእንግዳ ተቀባይዋ ስም አለመጠቀሱም ብቻውን መሸሸጊያ አይሆንም። በቦታው ያለችው እንግዳ ተቀባይ አንዲት ከሆነች ማን እንደተባለች የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል። ቅሬታው በድርጅቱ አሠራር ላይ እስከሆነ ድረስ እሷን ማንሳት አያስፈልግም።

ከባዱ የባትሪው ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይህን ትእዛዝ መስጠት ይቻላል፦

```
powercfg /batteryreport
```

የሚወጣው ሪፖርት ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅም፣ አሁን ሙሉ ሲሞላ የሚይዘውን መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜም መለያ ቁጥሩን ያሳያል። ባለቤቱ ከጥገናው በፊት ያወጣው ሪፖርት ካለውና ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ፣ ባትሪው እንደተለወጠ ጠንካራ ማስረጃ በእጁ ገባ ማለት ነው። ማን ለወጠው? ለምን? ሪፖርቱ ይህን አይናገርም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ላፕቶፖች ተፈተው ባትሪዎቹ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን የድርጅቱ ጥፋት ነው፤ ስርቆት ግን አይደለም። «ሌባ» የሚለው ቃል የወንጀል ስም ስለሆነ የሚፈልገው ማስረጃ ከመለያ ቁጥር በላይ ነው። የፊተኛው ሪፖርት ከሌለ ደግሞ ስለ ቁጥሩ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ይወጣና ባትሪው በፊትና በኋላ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ ይቀራል።

«እዚያ የሄደ ሁሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ጸጸት ይሰረዝ። ጸሐፊው የሚያውቀው አንድ ደንበኛ ነው፤ እሱም ራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ላፕቶፔን ስክሪኑ እንዲቀየር ያስረከብኩት ወሩ በገባ በ3ኛው ቀን ነው። በደረሰኙ ላይ ሥራው በአምስት ቀን እንደሚጠናቀቅ ተጽፏል፤ እጄ የገባው ግን በ24ኛው ቀን ነው። በመካከሉ ስለ መዘግየቱ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደውዬ ስጠይቅ ንግግራችን ሳያልቅ መስመሩ ተቋረጠ፤ ደግሜ ብደውልም አልተነሳም። ከጥገናው በፊት አራት ሰዓት ያህል ይቆይ የነበረው ባትሪ አሁን ከ40 ደቂቃ አያልፍም፤ መለያ ቁጥሩም ቀድሞ ካወጣሁት ሪፖርት የተለየ ነው። ምክንያቱን ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቄ አሥር ቀን ጠብቄአለሁ፤ መልስ አልመጣም። የምጠይቀው የራሴ ባትሪ እንዲመለስልኝ ወይም ተመጣጣኝ አዲስ እንዲገጠምልኝ ነው። በእኔ ግምት ይህ እጅግ ደካማ አገልግሎት ነው፤ ዳግም አልሄድም።»

እንደ እኔ ከሆነ ይህኛው ከፊተኛው ይበልጥ ያማል። «ሌቦች» ለሚል ጽሑፍ ድርጅቱ «ተሰደብን» ብሎ ቢመልስ ይበቃዋል፤ ለ3ኛውና ለ24ኛው ቀን ግን ሌላ መልስ ማግኘት ግዴታው ነው።

የተስተካከለው ጽሑፍም ቢሆን አንድ ስስ ቦታ አለው። እውነተኛ ነገሮችን እየመረጡ ጎን ለጎን በመደርደር ብቻ «ሰረቁ» የሚል ትርጉም መፍጠር ይቻላል፤ ፍርድ ቤቶችም ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ተራ አንባቢ ከጽሑፉ የሚረዳውን ይመለከታሉ። ድርጅቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ «በስህተት ተቀያይሯል» ብሎ ከመለሰ ያ መልስ በቅሬታው ውስጥ መግባት አለበት፣ ጸሐፊውን ባያሳምነውም። ከክፍያው ግማሹን መልሶ ከነበረም እንዲሁ ይጻፋል። የተመለሰ ገንዘብ እንዳልተመለሰ አድርጎ መዝለል ሌላውን እውነት ሁሉ ያጠራጥራል።

ብዙ ሰው የሚተማመንባቸው ጥቂት መከለያዎችም አሉ። «በእኔ አስተያየት ሌቦች ናቸው» ማለት አያድንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. በሰጠው የሚልኮቪች ውሳኔ፣ «በእኔ አስተያየት እገሌ ውሸታም ነው» የሚል አባባል ከበስተጀርባው እውነታ እንዳለ ስለሚጠቁም በዚያ ሐረግ ብቻ ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ አስረድቷል። የእንግሊዝና ዌልስ የ2013 እ.ኤ.አ. የስም ማጥፋት ሕግም ቅን አስተያየትን የሚጠብቀው ጽሑፉ የአስተያየቱን መነሻ ቢያንስ በጥቅሉ ካመለከተ ነው። ከላይ «እጅግ ደካማ አገልግሎት» የሚለው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ የቆመባቸው ነገሮች ሁሉ ከፊቱ ተዘርዝረዋል። «ሰዎች እንደሚሉት» ማለትም የሰሙትን መድገም ስለሆነ ተጠያቂነቱ ለደጋሚውም ይተርፋል። «ባትሪዬን ሸጣችሁት ይሆን?» የሚለው የጥያቄ ምልክትም ክሱን አይሰውረውም።

ለድርጅቱ በሚላከው ደብዳቤ ላይ «ካልከፈላችሁኝ አወጣዋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ። ማስፈራራት ተብሎ ሊተረጎምና ባለ በደሉን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። የሚፈለገውን መፍትሔና የመልስ ቀነ ገደብ መጻፍ ይበቃል። ቅሬታው ከወጣ በኋላ ባትሪው ከተመለሰም ከጽሑፉ በላይ ቀኑን የያዘ አንድ መስመር ይጨመርበታል፤ «ድርጅቱ በዚህ ቀን ባትሪውን መልሶልኛል» የሚል።