የሳምንት የክለሳ ዕቅድ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው «ዕቅድ ማለት ሰዓትህን ለኮርሶችህ እኩል ማካፈል ነው፤ ያመለጠህን ቅዳሜ ትከፍላለህ» ብሎ ሲመክር አየሁ። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ለግብርና ተመራቂ ሲነገር ደግሞ ይብስብኛል። የእሱን ሳምንት ግማሹን የሚያዘው ሰብሉ ነዋ!

የክለሳ ዕቅድ የሰዓት ክፍፍል አይደለም። የትኛውን ምዕራፍ፣ በየትኛው ቀን፣ ደብተር ዘግታችሁ ከራሳችሁ ለማውጣት እንደምትሞክሩ የሚናገር ወረቀት ነው። ማንበብ ሌላ፣ መከለስ ሌላ።

መስኖን አስቡ። የሳምንቱን ውሃ ቅዳሜ በአንዴ ብትለቁት አፈሩ የቻለውን ይይዛል፣ ቀሪው ከሥሩ በታች ይሰርጋል። አዲስ ምዕራፍ አሸዋማ አፈር ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ሁለት ሦስቴ የተመለሳችሁበት እንደ ሸክላ አፈር ይቆያል፤ ቀኑን ማራራቅ ይቻላል። ሸክላም ቢሆን ግን ብዙ ውሃ ይዞ ለሥሩ የማይለቀው አለ። ስታዩት የምታውቁት፣ ስትጠየቁ ግን የማይመጣላችሁ ነገር ማለት ነው።

አንዲት ተማሪ እንውሰድ። በቆሎ ላይ አራት የናይትሮጅን መጠን በሦስት ድግግሞሽ ትሞክራለች፤ 12 ፕሎት። የአፈር ለምነት ፈተናዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በቆሎው ፀጉር ማውጣት ጀምሯል። በየፕሎቱ ግማሹ ተክል ፀጉር ያወጣበት ቀን ስለሚመዘገብ ጠዋት ጠዋት ማሳ መውረድ አለባት። ይሄ ቀጠሮ አይዛወርም። የደረቀ የአፈር ናሙናና ኮምፒውተር ላይ የሚገባ ዳታ ግን ከፈተና በኋላ ይደርሳል። (እርጥብ ናሙና አይደለም ያልኩት! ናይትሬት የሚለካበት ከሆነ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ወይም ካልደረቀ ቁጥሩ ይለወጣል።)

እንግዲህ ሰኞ ከሰዓት የናይትሮጅን ዑደትን አንብባ አምስት ጥያቄ ጻፈች። ማክሰኞ ከማሳ ስትመለስ 20 ደቂቃ ወስዳ ዑደቱን ባዶ ወረቀት ላይ ሣለችው። ውሃ በተኛበት አፈር ናይትሬት ጋዝ ሆኖ የሚሄድበት መንገድ ጠፋባት። ያንን ብቻ ደግማ አነበበች። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ናሙና ስትቆርጥ ዋለች፤ ለዚያ ቀን አዲስ ምዕራፍ አልያዘችም። ሐሙስ አምስቱን ጥያቄ ሞከረች፤ አራቱ መጡላት። ቀጣዩ ቀጠሮ ሰኞ ሆነ።

ሐሙስ ማሳ ላይ ቢመሽባትስ? ጥያቄዎቹ ወደ ዓርብ ይሄዳሉ፣ የዓርቡ አዲስ ምዕራፍ ይሰረዛል። ቅዳሜ ላይ አይቆለልም።

በወረቀቷ ጥግ የምትጽፈው ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች አይደለም፤ ከአምስቱ ስንቱን ሳታይ እንደመለሰች ነው። ሰኞ አምስቱም ከመጡ ቀጠሮው ወደ ሌላኛው ሰኞ ይርቃል፤ ሦስት ብቻ ከሆኑ ረቡዕ ትመለሳለች።