ወለድ ከትርፍ ሲቀነስ የትርፍ ድርሻ የማይቀነሰው ለምንድን ነው?

«ተበደር፤ ወለዱን መንግሥት ይከፍልልሃል» የሚል ምክር መቼም አያልቅም። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ከዚህም ባሰ፤ ወለድ ከግብሩ ላይ ይቀነሳል ብሎ አረፈው። ወለድ የሚቀነሰው ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ላይ ነው። የግብሩ መጣኔ 30 በመቶ ከሆነ፣ ለወለድ ከተከፈለው ከእያንዳንዱ መቶ ግብሩን የሚያቀልለው 30ው ብቻ ነው። ቀሪው 70 ከድርጅቱ ኪስ ይወጣል። ዋናው ብድር ሲመለስ ደግሞ ምንም አይቀነስም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ጭነት የሚያመላልስ ሰው ሁለት መኪና አለው እንበል። አንዱን ተከራይቶታል፤ ሌላውን ያመጣው ሸሪኩ ነው። አከራዩ ጭነት ተገኘም አልተገኘም ኪራዩን ይጠይቃል፤ ካልተከፈለው መኪናውን ከመንገድ ላይ ይወስዳል። ሸሪኩ ግን ሁሉም ከተከፈለ በኋላ የተረፈውን ይካፈላል፤ ካልተረፈ ይጠብቃል። ሕጉ አበዳሪን እንደ አከራዩ፣ ባለአክሲዮንን እንደ ሸሪኩ ያያል። ወለድ ትርፍ ከመታወቁ በፊት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የትርፍ ድርሻ ግን ትርፉ ራሱ ሲከፋፈል ነው። የትርፍ ድርሻም ይቀነስ ቢባል፣ ትርፉን ሁሉ ያከፋፈለ ድርጅት በድርጅት ደረጃ ምንም ግብር አይከፍልም ነበር።

በሕግ ዓይን ይህ ያስኬዳል። በኢኮኖሚክስ ዓይን ግን የሸሪኩም መኪና ነፃ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ቢያሠራው ገቢ ያገኝበት ነበር። ሕጉ የአንዱን ገንዘብ ዋጋ ወጪ ብሎ ይመዘግባል፣ የሌላውን አይቆጥርም። ወደ ብድር የሚገፋው ይህ ነው።

በቁጥር እንየው። 10 ሚሊዮን ካፒታል ያለው ድርጅት ከወለድና ከግብር በፊት 2 ሚሊዮን አተረፈ፤ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ካፒታሉ ሁሉ የባለቤቶቹ ከሆነ 600 ሺህ ግብር ተከፍሎ 1.4 ሚሊዮን ይተርፋቸዋል፤ ይህ ካወጡት 14 በመቶ ነው። ግማሹ በ10 በመቶ ወለድ የተገኘ ብድር ከሆነ ግን፣ 500 ሺህ ወለድ ተቀንሶ ግብር የሚከፈለው በ1.5 ሚሊዮን ላይ ነው። ግብሩ 450 ሺህ ይሆናል። ለባለቤቶቹ 1.05 ሚሊዮን ይቀራል፤ ካወጡት 5 ሚሊዮን አንጻር 21 በመቶ ነው።

አስተያየት ሰጪያችን እዚህ ላይ ያጨበጭባል፤ ከ14 ወደ 21 ያደረሰው የግብር ቅናሽ ነው ይላል። አይደለም። ወለዱ ባይቀነስ ኖሮ ግብሩ 600 ሺህ ሆኖ ለባለቤቶቹ 900 ሺህ ይደርሳቸው ነበር፤ 18 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ አራቱ ነጥብ የመጣው ከግብር በኋላ 14 በመቶ የሚያስገኝ ሥራ በ10 በመቶ ገንዘብ ስለተሠራ ነው፤ ይህም የአደጋ ዋጋ ነው። የግብሩ ስጦታ ሦስቱ ነጥብ፣ ማለትም 150 ሺህ ብቻ ነው።

አደጋው በክፉ ዓመት ይታያል። ትርፉ ወደ 400 ሺህ ቢወርድ ያልተበደረው ድርጅት 120 ሺህ ግብር ከፍሎ 280 ሺህ ይተርፈዋል። የተበደረው ግን 500 ሺህ ወለድ አለበት፤ 100 ሺህ ይከስራል። የሚቀነስበት ትርፍ ስለጠፋ የዚያ ዓመት የግብር ጥቅሙም ከ150 ወደ 120 ሺህ ይወርዳል። ቀሪውን የሚያገኘው ሕጉ ኪሳራን ወደ ቀጣይ ዓመታት ማሸጋገር ከፈቀደና ኋላ ካተረፈ ነው። አከራዩ መኪናውን የሚወስደውም እንዲህ ባለው ዓመት ነው።

ከሙያዬ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ስሌቱ በድርጅቱ በር ላይ አያበቃም። ወለዱ የአበዳሪው ገቢ ስለሆነ አበዳሪው ግብር ይከፍልበታል። የኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ ሞዲግሊያኒና ሚለር በ1963 እ.ኤ.አ. የድርጅት ግብር ብድርን ምን ያህል እንደሚጠቅም አሰሉ፤ በ1977 ግን ሚለር ራሱ የአበዳሪዎች የግል ግብር ይህን ጥቅም ሊያጠፋው እንደሚችል አሳየ። በተቃራኒው አበዳሪው ከግብር ነፃ ከሆነ ወይም ግብሩ ዝቅተኛ በሆነ አገር ከተቀመጠ፣ ያ ገንዘብ የትም ግብር ሳይነካው ያልፋል ማለት ይቻላል።

ስለዚህም ባለቤቱ በሌላ አገር ባለው ድርጅቱ በኩል ለራሱ ድርጅት «ያበድራል»፤ ሸሪኩ የአከራይ ልብስ ለበሰ። ይህን ለመግታት የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ባወጣው መመሪያ የሚቀነሰውን የተጣራ ወለድ በመሠረቱ ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ካለው ትርፍ በ30 በመቶ ገደበው። ቤልጅየም ከ2006 ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር፤ ለባለቤቶች ካፒታልም እንደተከፈለ ተቆጥሮ የታሰበ ወለድ እንዲቀነስ ፈቀደች። ይህ ልዩነቱን ቢያጠብም ከግምጃ ቤት የሚጠፋው ገቢ ቀላል አልነበረም፤ ኋላም ተሰርዟል።