የኬሚስትሪ ፋይናል ከመውጣቱ በፊት የሚሠራው ሰንጠረዥ

ቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን ወይም ባጭሩ ብሉፕሪንት የሚባለው አንድ ፈተና ከየትኛው ዩኒት ስንት ጥያቄ እንደሚወጣና ጥያቄዎቹ ተማሪውን ምን ያህል እንዲያስብ እንደሚጠይቁ ቀድሞ የሚወስን ሰንጠረዥ ነው። ወደ ታች ዩኒቶቹ ይደረደራሉ፣ ወደ ጎን ደሞ የማሰብ ደረጃዎቹ። ደረጃዎቹ የመጡት በ1956 ከወጣው የብሉም ምደባ ነው፣ በ2001 ተሻሽሎ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር ተብሎ በስድስት ተቀመጠ። ለአንድ ሴሚስተር ፋይናል ግን ስድስቱንም መደርደር ሰንጠረዡን በባዶ ሳጥን ከመሙላት ውጪ ብዙም አይጠቅምም፣ ሦስት አድርጎ መጠቅለል ይበቃል፤ ማስታወስና መረዳት አንድ ላይ፣ መተግበር ለብቻው፣ ከመተንተን በላይ ያለው ደሞ አንድ ላይ።

ለምሳሌ የ10ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተርን እንውሰድ። መምህሯ ኬሚካላዊ ሪአክሽንና ስቶይኪዮሜትሪን በ18 ፔሬድ፣ ሶሉሽንን በ12፣ ኢንኦርጋኒክ ኮምፓውንዶችን በ10 ፔሬድ አስተምራለች እንበል፣ ድምሩ 40 ነው። እዚጋ የሚቆጠረው አመታዊ ፕላኑ ላይ የተጻፈው ፔሬድ ሳይሆን በትክክል ክፍል ውስጥ የተማሩበት ነው፣ ምክንያቱም በስብሰባና በበዓል የተበላው ክፍለ ጊዜ ፕላኑ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ ተማሪው ግን አልተማረበትም። 30 ጥያቄ ይውጣ ከተባለ 18 ለ40 ሲካፈል 45 ፐርሰንት ስለሆነ ለመጀመሪያው ዩኒት 13.5 ጥያቄ ይደርሰዋል፣ ለሁለተኛው 9፣ ለሦስተኛው 7.5። ግማሽ ጥያቄ የለም፣ ሁለቱንም ወደላይ ብናጠጋጋ ደሞ 31 ይሆናል። ስለዚ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች መሄድ አለበት። እኔ ለስቶይኪዮሜትሪ ነው የምሰጠው፣ ምክንያቱም ሶሉሽን ላይ ያለው የሞላሪቲ ስሌት ራሱ የቆመው በሞል ላይ ነው፣ እሱን ያልያዘ ተማሪ ቀጥሎ ያለውንም አይዘውም።

የደረጃዎቹን ድርሻ ደሞ 40፣ 40፣ 20 ፐርሰንት ብናደርገው 12፣ 12 እና 6 ጥያቄ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ ይሄን ፐርሰንት ለየዩኒቱ በእኩል ያባዛዋል። እንደዛ ከተደረገ ስለ አሲድና ቤዝ ጸባይና ስለ ሶልቶች አይነት ከተማሩበት ዩኒት በግድ ሦስት የስሌት ጥያቄ ይወጣል፣ ስቶይኪዮሜትሪ ላይ ደሞ በትርጉም ጥያቄ ቦታ ይባክናል። መጠበቅ ያለበት የዳር ድምሩ ነው፣ መሀል ያሉት ሳጥኖች ግን የትምህርቱን ጸባይ ተከትለው ነው መሞላት ያለባቸው፦

| ዩኒት | ማስታወስና መረዳት | መተግበር | መተንተንና ከዛ በላይ | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ሪአክሽንና ስቶይኪዮሜትሪ | 4 | 7 | 3 | 14 |
| ሶሉሽን | 3 | 4 | 2 | 9 |
| ኢንኦርጋኒክ ኮምፓውንዶች | 5 | 1 | 1 | 7 |
| ድምር | 12 | 12 | 6 | 30 |

ከዚ በኋላ ሰዓቱን ማየት ነው። የማስታወስ ጥያቄ አንድ ደቂቃ፣ የስሌት ሦስት፣ የትንተና አራት ደቂቃ ቢፈጅ 12 ሲደመር 36 ሲደመር 24፣ 72 ደቂቃ ማለት ነው፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ፈተና ይበቃል። ፈተናው አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም፣ ያኔ ከሁሉም ተመጣጥኖ መቀነስ ነው ያለበት፣ ምክንያቱም ሰዓት ሲያጥር የመጀመሪያው ፈተና የሚሆነው ፍጥነት ነው፣ ወርክ አውት ላይ ሳይደርሱ ወረቀት የሚሰበሰብባቸው ተማሪዎች ያላወቁ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ሳጥን ውስጥ 7 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ የሚወጡት ሰባት ጥያቄዎች እውነት የዛ ሳጥን ናቸው ወይ የሚለው ነው ከባዱ። በሊሚቲንግ ሪአክታንት እንየው። 4 ግራም H2 ከ16 ግራም O2 ጋር ቢገናኝ ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ የቱ ነው ብለን ጠየቅን እንበል፣ ሪአክሽኑ 2H2 + O2 → 2H2O ነው። H2 2 ሞል ነው፣ O2 ደሞ 0.5 ሞል፣ ለ2 ሞል H2 1 ሞል O2 ያስፈልግ ስለነበር ያለቀው O2 ነው። ጥሩ ጥያቄ ይመስላል። ግን ኢኩዌሽኑን ጭራሽ ሳያይ "ሞሉ ያነሰው ነው ሊሚቲንግ" ብሎ የያዘ ተማሪም O2 ይላል፣ ያገኛል፣ ማርኩንም ይወስዳል። የመተግበር ጥያቄ ብለን የቆጠርነው በሽምደዳ ተመለሰ ማለት ነው። ቁጥሩን እንቀይር ብንልም H2ና O2 ላይ አያዋጣም፣ O2 ሊሚቲንግ ሲሆን ሁልጊዜ ሞሉ ያንሳል፣ H2 ሊሚቲንግ ሲሆን ደሞ ሁልጊዜ ግራሙ ያንሳል፣ ስለዚ ከሁለቱ አቋራጮች አንዱ ሁሌም ይሠራል። ሪአክሽኑን ራሱ መቀየር ነው ያለብን፦ 2Al + 6HCl → 2AlCl3 + 3H2። 27 ግራም Al ማለት 1 ሞል ነው፣ 73 ግራም HCl ደሞ 2 ሞል። HCl በግራምም በሞልም ይበልጣል፣ ግን 1 ሞል Al 3 ሞል HCl ስለሚፈልግ ቀድሞ የሚያልቀው HCl ነው። እዚጋ ኮኤፊሸንቱን ሳያይ የሚያልፍ የለም። ከዚሁ ሪአክሽን "አንድ ተማሪ ግራሙ ስላነሰ ሊሚቲንጉ Al ነው ብሏል፣ ስህተቱ የት ላይ ነው?" ብንል ወደ ትንተና ሳጥን ይሄዳል።

ሌላው፣ የጥያቄው ደረጃ ወረቀቱ ላይ ባለው ግስ አይታወቅም። "አስላ" የሚል ሁሉ መተግበር አደለም፣ "ለምን" የሚልም ሁሉ ትንተና አደለም። ይሄው የአሉሚኒየም ጥያቄ ከነቁጥሩ ክፍል ውስጥ ተሠርቶ ደብተር ላይ ካለ ፈተናው ላይ የሚጠይቀው ማስታወስን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሰንጠረዡን ክፍሉን የማያውቅ ሰው ብቻውን ሊሞላው የማይችለው፣ አምስት ሴክሽን በሁለት መምህር ሲማር ደሞ ሁለቱም ምን ምን ምሳሌ እንደሠሩ ሳይነጋገሩ አንዱ ሴክሽን የሚያስታውሰውን ሌላው ሴክሽን እንደ አዲስ ይሠራዋል።

ቋንቋም አለ። እኛ ጋር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ኬሚስትሪ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የትንተና ጥያቄ ለማውጣት ብለን አምስት መስመር ታሪክ ስንጽፍ ተማሪው የሚወድቀው ኬሚስትሪው ላይ ነው ወይስ ዓረፍተ ነገሩ ላይ የሚለው አይለይም። ሁኔታውን በአጭር ሠርቶ ክብደቱን ሪአክሽኑ ላይ ማድረግ ይሻላል።

ሰንጠረዡ ፈተናው ካለቀ በኋላ ለዲፓርትመንት ሄድ እንዲሰጥ ብቻ ተብሎ ሲሞላ በቀላሉ ይታወቃል፣ እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥሩ ቢኖረውም የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ተራ ቁጥሩ አይጻፍም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ 30ውን ጥያቄ ሰንጠረዡን ላላየ ሌላ የኬሚስትሪ መምህር ሰጥቶ በየሳጥኑ እንዲመድባቸው ማድረግ። ሁለት ሦስቱ ላይ ቢለያዩ ችግር የለውም፣ ተነጋግሮ ማስተካከል ነው። ከስድስቱ የትንተና ጥያቄዎች አራቱን ማስታወስ ውስጥ ካስቀመጣቸው ግን ወረቀቱ ሳይባዛ ጥያቄዎቹ እንደገና መጻፍ አለባቸው።