የሚጎላው ፎቶ የአንድ ሰው፣ የሚወጣው ፊት የሌላ ሰው

«ፊቷ እኮ ውስጡ አለ፤ ፎቶው ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ። አንተ ብቻ አጉላልኝ።»

የለም። ይህችን ቃል በወር ስንቴ እንደምናገራት ሳስበው ሥራዬ ፎቶ ማደስ ሳይሆን መርዶ መንገር ይመስለኛል።

አንድ ጋሼ የእናታቸውን የወጣትነት ፎቶ ይዘው መጡ። «ይዘው» ስል በስልካቸው ነው። አሥራ አራት ሰው በሁለት ረድፍ የቆመበት፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ በመልእክት ሲንከባለል የኖረ፣ 640 በ427 ፒክስል የሆነ ፎቶ። እናትየው ከኋላ ረድፍ ሦስተኛዋ ናቸው። ምንም ነገር ከመናገሬ በፊት ፊታቸውን ለካሁት፤ በወርዱ 25 ፒክስል ግድም።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ፊቱ ላይ ዘርግተን እንየው። የሰው ፊት ወርድ 14 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለ25 ሲካፈል እያንዳንዱ ፒክስል አምስት ሚሊሜትር ተኩል የሚሆን ቆዳ ይሸፍናል ማለት ነው። የዓይን ጥቁሩ ክብ 12 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ እዚህ ፎቶ ላይ የሚደርሰው ሁለት ፒክስል ብቻ ነው። አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ትንሽ ፈካ ያለ ነጥብ፤ በቃ። አፍ የሚባለው አንድ የጠቆረ መስመር ነው። እናትየው ከግራ ቅንድባቸው በላይ ጠባሳ ነበራቸው። ስፋቱ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን የአንድ ፒክስል ግማሽ እንኳን አይሞላም። ፒክስል ደግሞ በክልሉ የገባውን ሁሉ ደባልቆ የሚይዘው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ጠባሳው ከአጠገቡ ቆዳ ጋር ተደባልቋል፤ ምን ያህሉ ጠባሳ፣ ምን ያህሉ ቆዳ እንደነበረ የሚናገር ምልክት የትም አልተጻፈም።

በዚያ ላይ ፎቶው በየላኪው እጅ በጄፔግ ተጨምቋል። ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና ከየካሬው ደቃቅ ደቃቁን ይጥላል። የእኚህ እናት ፊት በወርዱ ሦስት ካሬ ነው። አንዱ ዓይን ሙሉውን ካሬ ከጉንጭና ከቅንድብ ጋር ይጋራል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ጉንጩ ላይ የምታገኙት ቀጥ ያለ መስመር መጨማደድ አይደለም፤ የካሬው ጠርዝ ነው።

«ታዲያ አፑ እንዴት አወጣው? ሽፋሽፍቷ ሳይቀር እኮ ይታያል!»

ሣለው።

እንደ ድሮው ማጉላት ቢሆን ሶፍትዌሩ በሁለት ፒክስሎች መካከል አዲስ ሲጨምር የጎረቤቶቹን ቀለም አይቶ መካከለኛውን ይሰጠዋል። «ባይኪዩቢክ» የሚባለው ዘዴ ለዚህ ዙሪያውን ያሉ 16 ፒክስሎችን ያያል። ውጤቱ ድብዝዝ ያለ ነው፤ ግን አይዋሽም፤ የማያውቀውን ድብዝዝ አድርጎ ይተወዋል። አሁን ሰዉ የሚወዳቸው ፊት አዳሽ መሣሪያዎች ሥራቸው ሌላ ነው። ለምሳሌ GFPGAN እና CodeFormer የሚባሉት ፊት ምን እንደሚመስል የተማሩት 70,000 ጥርት ያሉ የፊት ፎቶዎች ካሉበት፣ ከኢንተርኔት ከተሰበሰበ አንድ ክምችት ነው። የእናንተን 25 ፒክስል ሲያዩ «እንዲህ ያለ ጥላ ያለው ፊት አብዛኛውን ጊዜ ምን ይመስላል?» ብለው ያንን ይሥላሉ። ፎቶው በየጎኑ በአራት እጥፍ ሲጎላ ከ16ቱ ፒክስል 15ቱ በፊት ያልነበሩ ናቸው። ሽፋሽፍቱ ከእነዚያ ከ15ቱ ወገን ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ሳይመጡ በፊት ልጃቸው ፎቶውን በአንድ አፕ አሠርቶት ነበር። እውነትም ያምራል። ታላቅ እህታቸው አብረው መጥተው ነበርና ስልኩን ተቀብለው ትንሽ ካዩ በኋላ፣ «ቆንጆ ናት። ማን ናት?» አሉ።

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን እትዬ ልክ ነበሩ። ጠባሳው የለም። አፉ፣ ያ አንዱ ጥቁር መስመር፣ ጥርስ የሚታይበት ፈገግታ ሆኗል። ከሁሉ የገረመኝ ዓይኑ ነው። በሁለቱም ዓይን ውስጥ ነጭ ብልጭታ አለ፤ በመስኮት ወይም በስቱዲዮ መብራት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የሚኖረው ዓይነት። ፎቶው የተነሣው ግን በቀትር ፀሐይ ነው፤ የሁሉም ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ነው ያለው፣ ዓይናቸውም በቅንድባቸው ጥላ ተሸፍኗል። ያ ብልጭታ ከየት መጣ? ከሌሎች ሰዎች ፎቶ።

ይህ የአንድ ደካማ አፕ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። በ2020 ፐልስ የተባለ የምርምር ሥራ ወጥቶ ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ሲያንስ ያስገባችሁትን ትንሽ ምስል መልሶ የሚሰጥ ጥርት ያለ ፊት ይፈልጋል። አንድ ሰው የባራክ ኦባማን ፎቶ በጣም አሳንሶ ሰጠው። የወጣው የነጭ ሰው ፊት ነበር። ነገሩ ያነጋገረው መሣሪያው ከተማረባቸው ፊቶች የተነሣ ወደ ማን እንደሚያደላ ስላሳየ ነው፤ ያም ተገቢ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው፦ ሲያንሱ አንድ ዓይነት የሚሆኑ የተለያዩ ፊቶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል የእናታችሁ የትኛው እንደሆነ ትንሹ ፎቶ አያውቅም። የማያውቀውን ከየት አምጥቶ ይንገራችሁ?

«ጥርት ካለ ትክክል ነው ማለት ነው።»

ጥራት የሠዓሊው እጅ ነው፤ ለትክክለኛነት ምስክር አይሆንም። የምትጠራጠሩ ከሆነ ራሳችሁ ሞክሩት። ዛሬ የምታውቁትን፣ በሕይወት ያለ፣ ፊቱን በየቀኑ የምታዩትን ሰው ጥሩ ፎቶ ውሰዱ። ፊቱን ብቻ ቁረጡና fit.jpg ብላችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያ ImageMagick በሚባለው ፕሮግራም ወርዱን 25 ፒክስል አድርጉት፦

```
magick fit.jpg -resize 25x tinish.png
```

ከዚያ tinish.png የተባለውን ለምትወዱት አፕ ስጡና የወጣውን ከዋናው ጎን አስቀምጡ። ወንድማችሁ የአጎት ልጅ ሆኖ ይመጣል። ይህን ካያችሁ በኋላ የማታውቁትን የሟች ፊት አምናችሁ እንደማትቀበሉ እርግጠኛ ነኝ። የተጎላውን መልሶ አሳንሶ ከዋናው ጋር ማስተያየትም ይረዳል፤ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው። ካልተመሳሰለ ውሸት መሆኑ ይታወቃል፤ ቢመሳሰል ግን እውነት መሆኑ አይረጋገጥም። የፐልስ ፊትም ሲያንስ ይመሳሰል ነበር።

«ሌላ ቅጂ የለም፤ ያለው ይኸው ነው።»

ይህን ሲሉኝ አላምንም፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ እሆናለሁ። የስልኩ ፎቶ ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሰው ከወረቀት ላይ አንሥቶታል። ጋሼንም «መጀመሪያ የላከው ማነው?» አልኳቸው። እሳቸው ሳይመልሱ እትዬ፣ «እኔ ነኛ፤ አልበሜ ውስጥ አለ» አሉ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያች በተጨመቀች ቅጂ ሲደክሙ ወረቀቱ ከእህታቸው ቤት ነው!

በማግስቱ አመጡት። 12 በ18 ሳንቲሜትር፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ ጥቁርና ነጭ። የእናትየው ፊት ወረቀቱ ላይ ሰባት ሚሊሜትር ወርድ አለው። ጠፍጣፋ ስካነር ላይ በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ስካን ሳደርገው ያ ፊት 165 ፒክስል ሆነ። አንዱ ፒክስል አሁን የሚሸፍነው ቆዳ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ጠባሳው ሁለት ፒክስል ያህል ስፋት አገኘ። ታየም። ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ጆሮ ዘንበል ያለ መስመር። አፋቸው ዝግ ነው። ምንም አላጎላሁም፣ ምንም አልሣልኩም፤ አቧራውን ጠርጌ ጥላና ብርሃኑን አስተካከልኩ እንጂ። በ1200ም ሞከርኩት፤ የጨመረልኝ የወረቀቱን ቃጫ ብቻ ነው።

ስለዚህ አፕ ከማውረዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ወረቀቱ ከተገኘ በ600 ስካን አስደርጉ፣ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። ስካነር ከሌለ ወረቀቱን በመስኮት አጠገብ አጋድማችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ትክክል ከላይ ይዛችሁ አንሡ፤ መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ ካለ አውጡት። ኔጌቲቩ ከተገኘማ ሌላ ዓለም ነው፤ 36 ሚሊሜትር የሚረዝመው የተለመደው ኔጌቲቭ በ2400 ዲፒአይ 3,400 ፒክስል ያህል ወርድ ይሰጣል። ከወረቀቱም የተሻለ ዝርዝር የሚይዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

«300 ዲፒአይ አድርግልኝና ይጥራ።»

ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ መቀየሩ የሚነግረው አታሚውን እንጂ ፊቱን አይነካም።

«ፋይሉ 12 ሜጋባይት ሆኗል እኮ!»

የውሸቱ ክብደት ነው።

«ፊልም ላይ ፖሊሶች ያጎሉት የለ?»

ፊልም ነው። ቪዲዮ ከሆነ ግን ጥቂት እውነት አለው፦ ተከታታይ ምስሎቹ በትንሹ ተዘዋውረው የተነሡ ከሆነ እያንዳንዱ ትንሽ የተለየ መረጃ ይዟል፤ ሲደመሩ እውነተኛ ዝርዝር ሊወጣ ይችላል። አንድ ፎቶ ግን የሚደመርለት ሌላ የለውም።

«ቢያምር ምን ቸገረ፣ ማንንም አይጎዳ።»

እኔ መሣሪያውን አልጠላም፤ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ፊቱ ከ100 ፒክስል በላይ ሲሆን መልኩ ስላለ መሣሪያው የሚያደርገው በአብዛኛው ማጽዳት ነው። 50 ገደማ ሲሆን እጠነቀቃለሁ። CodeFormer ላይ -w የሚባል ከ0 እስከ 1 የሚሄድ መቆጣጠሪያ አለ፤ ወደ 0 ሲጠጋ ያሳምራል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ለዋናው ይታመናል። እኔ ከ0.8 በታች አልወርድም፤ ደንበኛው «አልጠራም» ቢልም አልወርድም። ከ30 በታች የሆነ ፊት ላይ ጭራሽ አላስነካውም፤ ልብሱንና ግድግዳውን አጉልቼ ፊቱን በድብዝዝነቱ እተወዋለሁ። የተሣለ ነገር ካለበትም ፋይሉ ስም ላይ እጽፋለሁ፤ ፋይሉ ከእጄ ከወጣ በኋላ የሚናገርልኝ የለምና።

የጋሼ ልጅ ያሠራት ያች ፈገግተኛ ሴት ግን ምንም ሳይጻፍባት ወጥታለች። ከስካኑ በፊት ለዘመድ ሁሉ ተልካ ነበር፤ አንዱ የወንድም ልጅ አሳትሞ ሳሎን ሰቅሏታል። እትዬ እዚያ ቤት ሲሄዱ ግድግዳውን እያዩ፣ «እንግዳዋ አሁንም አልሄደችም?» ይላሉ አሉ።