ባንዲራውና ሦስት ማዕዘኑ፦ ስለ ቡል ፍላግና ሲሜትሪካል ትሪያንግል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቡል ፍላግና ሲሜትሪካል ትሪያንግል የአክሲዮን ገዢዎች በዋጋ ቻርት ላይ የሚፈልጓቸው ቅርጾች ናቸው። በጥቅስ ውስጥ ያሉት ስለ እነርሱ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር እውነታው ይከተላል።

«ዋጋው በፍጥነት ወጥቶ ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ ቡል ፍላግ ነው፤ ቶሎ መግዛት ነው።»

እዚህ ላይ የተረሳው ሰንደቁ ነው። «ሰንደቅ ዓላማ» ስንል ሰንደቅ የምንለው እንጨቱን ነው፤ ዓላማው ደግሞ ጨርቁ ነው። በቻርት ላይም ጨርቁን ብቻ አይቶ እንጨቱን ያልመረመረ ሰው ገና ባንዲራ አላየም። ሰንደቁ ማለት ዋጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ እምብዛም ሳያርፍና ከወትሮው በበለጠ የግብይት መጠን ሽቅብ የተወነጨፈበት ጉዞ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እየተንፏቀቀ የወጣ ዋጋ ሰንደቅ የለውም።

ጨርቁ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እረፍት ነው። ከላይና ከታች በሁለት ትይዩ መስመሮች ይታቀፋል፤ ቀስ ብሎ ወደ ታች ያዘነብላል ወይም አግድም ይተኛል። ቀደም ብለው የገዙ ሰዎች ትርፋቸውን ሲሰበስቡ ዋጋው ይላላል፤ ነገር ግን አጥብቆ የሚሸጥ ስለሌለ ግብይቱ ይቀዘቅዛል። መታየት ያለበትም ይህ መቀዝቀዝ ነው። ዋጋው እየወረደ የግብይቱ መጠን በየቀኑ ከጨመረ አንድ ትልቅ ባለድርሻ በጸጥታ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መስመሮቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ እኔ አልነካውም።

በቁጥር እንየው። አንድ አክሲዮን በአምስት ቀናት ከ40 ዶላር ወደ 50 ዶላር ወጣ እንበል። የሰንደቁ ርዝመት 10 ዶላር ነው። ከዚያ በስምንት ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 47.20 ወረደ። የመለሰው 2.80 ዶላር፣ ማለትም ከወጣው ውስጥ 28 በመቶውን ነው። እስከ አርባ በመቶ ገደማ የሚመልስ ባንዲራ ጤናማ ነው፤ ከግማሽ በላይ ከመለሰ ግን ገዢዎቹ ተዳክመዋል ማለት ስለሆነ ባንዲራ ብሎ መጥራቱን ብንተወው ይሻላል። ጊዜውም ገደብ አለው። በዕለታዊ ቻርት ላይ ከሦስትና አራት ሳምንት በላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ ኃይሉን ጨርሷል።

ታዲያ መግቢያው የት ነው? የላይኛው መስመር በዚያ ቀን 48.80 ላይ ይገኛል። ዋጋው በቀኑ መካከል 48.95 ነክቶ ቢመለስ አልተሰበረም። የዕለቱን ዋጋ በቻርቱ ላይ የሚያሳየው ካንድል ከመስመሩ በላይ፣ ለምሳሌ 49.00 ላይ ሲዘጋ፣ የግብይቱም መጠን ካለፉት 20 ቀናት አማካይ በግልጽ ሲበልጥ ያን ጊዜ ይገባል። ከዚያ በፊት የሚገዛ ሰው እየገዛ ያለው ግምቱን ነው። መዝጊያውን መጠበቅ ጥቂት ሳንቲም ያስከፍላል፤ በምትኩ ሐሰተኛ ስብራቶችን ብዙውን ጊዜ ያስቀራል።

«ስቶፕ ሎሴን ልክ ከመስመሩ ሥር አስቀምጣለሁ፤ እንዲያ ሲሆን ብሳሳትም የማጣው ትንሽ ነው።»

በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ከተሰበረው መስመር አሥር ሳንቲም ዝቅ ብዬ ስቶፕ፣ ማለትም ዋጋው እዚያ ሲደርስ አክሲዮኑን በራሱ የሚሸጥ ትዕዛዝ፣ አስቀምጣለሁ፤ ዋጋው በማግስቱ ተመልሶ መስመሩን ይነካል፤ እኔን ያስወጣኝና ያለእኔ ይወጣል። ዋጋ የሰበረውን መስመር ተመልሶ መፈተሹ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ስቶፑ መቀመጥ ያለበት ዋጋው እዚያ ቢደርስ ባንዲራው ፈርሷል በምንልበት ቦታ ነው። በምሳሌያችን ያ ቦታ ከጨርቁ ዝቅተኛ ዋጋ ከ47.20 ትንሽ ወረድ ብሎ 47.00 ላይ ነው።

«ይህማ ሩቅ ነው» የሚል ይኖራል። የሩቅ ስቶፕን ኪሳራ ትንሽ የሚያደርገው የምንገዛው የአክሲዮን ብዛት ነው። በአካውንቱ 5,000 ዶላር ያለው ሰው በአንድ ግብይት ከአንድ በመቶ፣ ከ50 ዶላር በላይ ላለማጣት ወሰነ እንበል። በ49.00 ገብቶ በ47.00 ቢወጣ በእያንዳንዱ አክሲዮን 2 ዶላር ያጣል። 50ን ለ2 ሲያካፍል 25 አክሲዮን ያገኛል፤ የሚገዛው ይህንኑ ያህል ብቻ ነው። ብዙዎች ግን ነገሩን በተቃራኒው ይሠሩታል፤ መጀመሪያ 100 አክሲዮን ለመግዛት ይወስኑና ኪሳራው እንዳይከብዳቸው ስቶፑን ወደ ዋጋው ይጎትቱታል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ኩባንያው ገበያው ከተዘጋ በኋላ የሩብ ዓመት ውጤቱን ካሳወቀ ዋጋው በማግስቱ ከ49 ተነስቶ በቀጥታ 44 ላይ ሊከፈት ይችላል። ያኔ 47.00 ላይ ያለው ስቶፕ የሚያስወጣን በ47.00 ሳይሆን በ44 አካባቢ ነው፤ 50 ዶላር ያልነው ኪሳራ 125 ይሆናል። ስለዚህ ከመግባት በፊት የውጤት መግለጫውን ቀን ማየት ግድ ነው።

«ታርጌቱ የሰንደቁ ርዝመት ነው፤ ዋጋው እዚያ ሳይደርስ አልወጣም።»

የሰንደቁ ርዝመት ታርጌቱን፣ ማለትም ትርፍ ይዘን የምንወጣበትን ዋጋ፣ መገመቻ መለኪያ ነው፤ ገበያው የፈረመበት ውል ግን የለም። ከየት ተነስቶ እንደሚለካም ሁለት ልማድ አለ። አንዳንዱ ከስብራቱ ነጥብ ይጀምርና 48.80 ላይ 10 ደምሮ 58.80 ይላል። ሌላው ከጨርቁ ዝቅተኛ ዋጋ ይጀምርና 47.20 ላይ 10 ደምሮ 57.20 ይላል። እኔ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ። በ49.00 ለገባ ሰው 57.20 ማለት 8.20 ዶላር ትርፍ ነው፤ ለ2 ዶላር አደጋ ከአራት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል።

ግን በመንገዱ ላይ ምን አለ? ከሁሉ በፊት የሰንደቁ ጫፍ፣ 50 ዶላር አለ። ዋጋው እዚያ ደርሶ ብዙ ጊዜ ይንገዳገዳል። ካለፈው ዓመት የቀረ 53 ላይ የሚገኝ ከፍታ ካለም በዚያ ዋጋ ገዝተው የተጣበቁ ሰዎች ሲደርስ «ገንዘቤን ብቻ» ብለው ይሸጣሉ። ስለዚህ ግማሹን 53 አካባቢ ሸጦ የቀሪውን ስቶፕ ወደ መግቢያው 49.00 ማሳደግ ብልህ አሠራር ነው። ዋጋው ከስብራቱ በኋላ አምስትና ስድስት ቀን ከቦታው ካልተነቃነቀ ደግሞ ስቶፑ ባይነካም እወጣለሁ። ባንዲራ ሲሠራ ፈጥኖ ነው የሚሠራው።

«ሲሜትሪካል ትሪያንግል የመቀጠል ምልክት ስለሆነ፣ ዋጋው ሲወጣ ከነበረ ወደ ላይ ይሰብራል።»

ሮበርት ኤድዋርድስና ጆን ማጊ ስለ አክሲዮን ቻርቶች እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ዓይነት ሦስት ማዕዘኖች በአብዛኛው፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ የቀድሞውን አቅጣጫ እንደሚቀጥሉ ጽፈዋል። የመቀጠል ምልክት የሚለው ስም በዚህ ዓይነት ግምት ላይ የቆመ ነው። ያንን ግምት እንኳ እንዳለ ብንቀበል አንዱ ሩብ ይቀራል፤ የሚቀጣውም አስቀድሞ የገባውን ሰው ነው።

ባንዲራ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ሦስት ማዕዘኑ ግን አያዳላም። ከፍታዎቹ እየወረዱ፣ ዝቅታዎቹ እየወጡ ይቀራረባሉ። ሻጮች በየጊዜው ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ ይስማማሉ፤ ገዢዎችም በየጊዜው በበለጠ ዋጋ ለመግዛት ይስማማሉ። ማን እንደሚያሸንፍ ቅርጹ ራሱ አይናገርም። ለመሳልም ቢያንስ ሁለት ከፍታና ሁለት ዝቅታ ያስፈልጋል፤ በሦስት ነጥብ የተሳለ ሦስት ማዕዘን ምኞት ነው።

ከ45 ዶላር ተነስቶ 62 የደረሰ አክሲዮን እንውሰድ። 62 ላይ ያለው የመጀመሪያው ከፍታ ነው። በሰባተኛው ቀን 54 ላይ ወረደ፣ በ14ኛው ቀን 60 ደረሰ፣ በ21ኛው ቀን 56 ላይ ቆመ። የላይኛው መስመር በ23ኛው ቀን 58.70 ገደማ ላይ ያልፋል። በዚያ ቀን ካንድሉ ከፍ ባለ የግብይት መጠን 59.00 ላይ ከዘጋ መግቢያው ይኸው ነው። ስቶፑ በውስጡ ካለው የመጨረሻ ዝቅታ፣ ከ56 ሥር፣ 55.80 ላይ ይቀመጣል። ታርጌቱ የሚለካው ከሦስት ማዕዘኑ ሰፊ ጎን ነው፦ 62 ሲቀነስ 54፣ 8 ዶላር። ከ58.70 ላይ ሲደመር 66.70 ይሆናል። 3.20 ዶላር አደጋ ላይ ጥሎ 7.70 ማግኘት ማለት ሁለት እጥፍ ከግማሽ ገደማ ነው፤ ከባንዲራው ያነሰ፣ ግን የሚያስኬድ። በ50 ዶላር የአደጋ ወሰን የሚገዛው 15 አክሲዮን ነው።

ዋጋው ከታችኛው መስመር በታች ከዘጋስ? ግዢው ተሰርዟል፤ ሌላ ትርጓሜ አያስፈልገውም። እኔ በዚህ ጊዜ ተገልብጬ በዋጋው መውረድ ላይ አልጫወትም፤ ሌላ ቻርት እከፍታለሁ።

«ሦስት ማዕዘኑ በጠበበ ቁጥር ፍንዳታው ይበረታል፤ ስለዚህ ጫፉ ድረስ ጠብቅ።»

የታመቀ ጸደይ የሚለው ምስል ሰውን ያሳስታል። በእኛ ምሳሌ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ከመጀመሪያው ከፍታ ሲቆጠር በ32ኛው ቀን አካባቢ ነው። ጥሩ ስብራት የሚመጣው ከመንገዱ ግማሽ እስከ ሦስት አራተኛው ባለው፣ ማለትም ከ16ኛው እስከ 24ኛው ቀን ነው። ዋጋው ከዚያ አልፎ እስከ ጫፉ ከተንሸራተተ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ዶላር ያነሰ ይሆናል፤ ያኔ ማንኛውም ተራ እንቅስቃሴ መስመር «ይሰብራል»፤ ስብራቱ ግን ምንም አይነግረንም። ገዢውም ሻጩም ፍላጎታቸውን አጥተዋል። እንዲያ ሲሆን መስመሮቹን አጥፍቼ ያን አክሲዮን ከዝርዝሬ አወጣዋለሁ።

«ቅርጹ ቅርጽ ነው፤ በየትኛውም ገበያ እኩል ይሠራል።»

እስካሁን ያልነው ሁሉ የግብይቱን መጠን በማየት ላይ የቆመ ነው። በውጭ ምንዛሪ ገበያ ማዕከላዊ የግብይት ቦታ ስለሌለ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የግብይት መጠን አንድ ደላላ ዘንድ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተነቃነቀ የሚቆጥር ነው፤ ማነጻጸሪያ ሊሆን ይችላል፣ እንደ አክሲዮን ገበያው ግን አይታመንም። ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚገበያዩበት ቦታ ደግሞ ቅርጹም ትርጉም ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ገና ጀማሪ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ አንድ አክሲዮን ለቀናት ሳይገበያይ ከቆየ በቻርቱ ላይ የሚታየው አግድም መስመር ባንዲራ ሊመስል ይችላል፤ የሚነግረን ግን ማንም እንዳልገዛና ማንም እንዳልሸጠ ብቻ ነው።