በየነጥቡ ስላይድ መጥቀስ ምንድን ነው?

ለተማሪ ጥያቄ በጽሑፍ ሲመለስ፣ እያንዳንዱ የመልሱ ክፍል ከየትኛው ስላይድ ወይም ገጽ እንደመጣ እዚያው አጠገቡ ማስፈር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ «ቻፕተር 3ን ተመልከት» ብሎ መዝጋት ከዚህ አይቆጠርም፤ ከስልሳ ስላይድ የትኛውን ይመልከት?

ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ደሴ ላለች ሲኒየሩ በቴሌግራም ጥያቄ ላከላት እንበል፦ ዲያሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ፍሰቱ ላሚናር ነው ወይስ ተርቡለንት? መልሷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሬይኖልድስ ቁጥር ቀመሩ Re = ρVD/μ ነው (ቻፕተር 3፣ ስላይድ 12)። የውሃ ቪስኮሲቲ በ20 ዲግሪ 0.001 ፓስካል ሰከንድ ገደማ ነው (ሀንድአውት ገጽ 87፣ ሰንጠረዡ)። ላሚናር የሚባለው እስከ 2300 ነው (ስላይድ 14)። 1000 × 1 × 0.05 ÷ 0.001 = 50,000፤ ስለዚህ ተርቡለንት ነው (ስሌቱ የራሴ)።»

የመጨረሻዋ ቅንፍ ቀላል አይደለችም። ስሌቱ የትኛውም ስላይድ ላይ የለም፤ ለይምሰል ቁጥር ቢሰጠው ልጁ የሌለ ነገር ሲፈልግ ያመሻል። የራሴ ከተባለ ግን ካልኩሌተሩን አንስቶ ራሱ ያሰላዋል።

የላሚናርን ድንበር እንይ። አንዳንዱ መጽሐፍ 2000 ይላል፣ ሌላው 2300። እሷ 2300ን በቃሏ ጽፋ የመምህሩ ስላይድ 2000 የሚል ቢሆን፣ 50,000 ከሁለቱም በብዙ ስለሚርቅ እዚህ ለውጥ የለውም። ፈተና ላይ 2100 ሲመጣ ግን መልሱ ይገለበጣል። ልጁ ስላይድ 14ን ከከፈተ ልዩነቱን ያኔውኑ ያየዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቁጥሩ ላይ ነው። ሽፋንና ማውጫ ስለሚቆጠሩ፣ ወረቀቱ ላይ 87 የተባለው ገጽ ስልክ ላይ 95 ሆኖ ይከፈታል። አኒሜሽን ያለው ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር አንዱ ሦስት አራት ገጽ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስድስት ስድስቱን በአንድ ገጽ ያተመለት ተማሪ ደግሞ ቁጥሩን ማንበብም ይቸግረዋል። መምህሩ መሃል ላይ አንድ ስላይድ ከጨመረበት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የስላይዱን ርዕስ መጻፍ፣ ለሀንድአውት ደግሞ «የታተመው 87፣ ፒዲኤፉ 95» ብሎ ሁለቱንም መስጠት ይሻላል።

ሌላው ስህተት ከፍለጋ ይመጣል። ፋይሉ ውስጥ «ሬይኖልድስ» ብሎ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው የምዕራፉ ዓላማዎች የተዘረዘሩበት ስላይድ ላይ ነው። ቃሉ አለ፣ ቀመሩ ግን የለም። ከመላክ በፊት የተጠቀሰውን ስላይድ ከፍቶ፣ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር እውነት እዚያ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።